ከሰማይ የተሰረቀች አንዲት ቃልና መቶ ውሸት



የሐረርን ሸዋ በር የሚያውቅ ሰው ከበሩ ውጭ ያለውን ገበያ ያውቀዋል። ቅመሙ፣ ቅጠላ ቅጠሉና ከጅጅጋ በኩል የሚመጣው ዕጣን እዚያ ይሸጣል። ያንኑ ዕጣን የሚገዙት ሦስት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንዱ ለቡና ይገዛዋል። ሌላው ቁርኣን የሚቀራበትን ቤት ሊያጥንበት ይገዛዋል። ሦስተኛው ግን በወረቀት የተጻፈ ትዕዛዝ ይዞ ይመጣል፤ ይህን ያህል ዕጣን ከዚህ ቀለም ዶሮ ጋር አምጣ የተባለ ሰው ነው። ዕጣኑ ያው ዕጣን ነው፤ ነውር የለበትም። የዛሬው ነገራችን ከሦስተኛው ገዢ ጋር ነው።

ይህ ሰው ክፉ ሰው አይደለም። ብዙውን ጊዜ ልጁ የታመመበት አባት ወይም እንቅልፍ ያጣች እናት ናት። ከሰማይ ወሬ የሚያመጡ፣ ጂን የሚያነጋግሩ ሰዎች አሉ ሲባል ሰምቶ ሄዷል። ስለዚህ መላእክትና ጂኖች በሰማይና በምድር መካከል ምን እንደሚሠሩ፣ ምንስ እንደማይችሉ ቁርኣንና ሐዲስ የሚሉትን በዚህ የረመዷን ገጽ ላይ ማንሳት ፈለግን።

በመስጊድ ልጆች የሚጠይቁንን ጥያቄ እናስቀድም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ረመዷን ሲገባ የጀነት በሮች እንደሚከፈቱ፣ የጀሀነም በሮች እንደሚዘጉና ሸይጣኖች እንደሚታሰሩ ነግረውናል። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ታዲያ ልጆቹ፣ «ሸይጣን ከታሰረ ሰው በረመዷን ለምን ይዋሻል? ለምን ይጣላል?» ይላሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ሊቃውንትም ከጥንት ጀምሮ መልሰውታል። ከፊሎቹ የሚታሰሩት ዋነኞቹ ዐመፀኞች እንጂ ሁሉም አይደሉም ብለዋል፤ ይህን የሚደግፍ ዘገባም አለ። ሌሎቹ ደግሞ ክፋት ሁሉ ከሸይጣን ብቻ አይመጣም፤ የሰው ነፍስ አለች፣ የለመደ ልማድ አለ፣ ከሰው ወገን የሆነ አሳሳችም አለ ብለዋል። ስለዚህ በረመዷን የምናየው ጥፋት የራሳችንን ድርሻ ያሳየናል። ሁሉን ነገር በጂን ማሳበብ እንደማያዋጣ ከዚሁ ሐዲስ እንረዳለን።

አሁን ወደ መላእክት እንምጣ። በእናታችን ዓኢሻ በኩል በተላለፈው ሐዲስ መላእክት ከብርሃን፣ ጂኖች ከእሳት ነበልባል፣ አደም ደግሞ ከአፈር ተፈጥረዋል። ልዩነቱ ከምን ተፈጠሩ በሚለው ብቻ አያበቃም። መላእክት የታዘዙትን ይፈጽማሉ፣ አያምፁም። ጂኖች ግን እንደኛው ምርጫ አላቸው፤ ከእነሱ ውስጥ ሙስሊም አለ፣ ከሃዲም አለ። ቁርኣን በሱረቱል ከህፍ ኢብሊስ ከጂን ወገን እንደነበረ በግልጽ ስለሚናገር፣ በእኛ ዘንድ «የወደቀ መልአክ» የሚባል ነገር የለም።

የመላእክት ሥራ መልእክትና ትእዛዝ ማድረስ ነው። ጅብሪል (ዐ.ሰ.) ወሕዩን ለነቢያት አምጥቷል። በየረመዷኑ ከነቢያችን ጋር እየተገናኘ ቁርኣኑን ያስቀራቸውና ይከልሱት ነበር፤ ባረፉበት ዓመት ሁለት ጊዜ ከልሰውታል። ሥራችንን የሚጽፉ መላእክት አሉ፤ በአላህ ትእዛዝ የሚጠብቁን አሉ፤ ነፍስ የሚወስድ አለ። በለይለተል ቀድርም መላእክትና ጅብሪል በጌታቸው ፈቃድ ይወርዳሉ።

እዚህ ላይ «በጌታቸው ፈቃድ» የሚለውን ልብ እንበል። በቡኻሪ እንደተዘገበው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጅብሪልን ከምትጎበኘን የበለጠ ለምን አትጎበኘንም ብለው ጠይቀውት ነበር። መልሱ ከሱረቱ መርየም በወረደው አያ መጣ፦ መላእክት የሚወርዱት ጌታቸው ሲያዛቸው ብቻ ነው። እንግዲህ አስቡት። የአላህ መልእክተኛ፣ ጅብሪልን የናፈቁት ነቢይ፣ በፈለጉት ሰዓት ሊጠሩት አልቻሉም። ታዲያ ዛሬ በመጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ ዕጣን እያጨሰ «መልአኩን ጠራሁት» የሚለው ሰው ከየት ያመጣው ሥልጣን ነው?

«እኔ መልአክ አልጠራም፣ ጂን ነው የማነጋግረው» የሚልም አለ። ይህኛው ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ፤ ቁርኣን ራሱ ስለዚህ መስመር ሙሉ ሱራ አውርዷልና።

ከነቢያችን መላክ በፊት ጂኖች ወደ ሰማይ እየወጡ፣ ማዳመጫ ቦታ ይዘው ይቀመጡና የመላእክትን ንግግር ይሰርቁ ነበር። ነቢያችን ሲላኩ ይህ በር ተዘጋ። ሊያዳምጥ የሄደ ሁሉ የሚጠብቀው የእሳት ነበልባል ሆነ። ኢብኑ ዐባስ እንዳስተላለፉት፣ ሸይጣኖቹ የሰማይ ወሬ ሲቋረጥባቸው ተደናገጡ፤ አንድ ትልቅ ነገር ተፈጥሯል ብለው ምሥራቅና ምዕራቡን ያስሱ ጀመር። ወደ ቲሃማ አቅጣጫ የሄዱት ነኽላ በሚባለው ቦታ ደረሱ። ነቢያችን ወደ ዑካዝ ገበያ ሲጓዙ እዚያ አርፈው ባልደረቦቻቸውን የሱብሒ ሶላት ያሰግዱ ነበር። ጂኖቹ ቁርኣኑን ሰሙ፤ የሰማዩን ወሬ ያቋረጠብን ይህ ነው አሉ፤ አመኑና ወደ ወገኖቻቸው ተመለሱ። ሱረቱል ጂን የሚተርከው ይህንን ነው። ወሬ ፍለጋ የሄዱት ጂኖች ራሳቸው መስመራቸው መቆረጡን መስክረው ተመልሰዋል ማለት ነው።

ታዲያ ጠንቋይ አንዳንዴ ለምን ልክ ይናገራል? ይህ ጥያቄ ለነቢያችንም ቀርቦላቸዋል። በቡኻሪ ያለው መልስ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ጂኖቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ይቆማሉ። ከላይ ያለው አንዲት ቃል ይሰርቅና ከሥሩ ላለው ይጥልለታል፤ እሱም ከሥሩ ላለው፤ እንዲህ እያለ ጠንቋዩ ጆሮ ትደርሳለች። አንዳንዴ ነበልባሉ ቃሏን ሳያስተላልፋት ያገኘዋል፤ አንዳንዴ ካስተላለፋት በኋላ ያገኘዋል። ጠንቋዩ በዚያች በአንዲቷ ቃል ላይ መቶ ውሸት ይቀላቅላል። ሰዎች ግን አንዷ ስትሳካ «በዚያን ቀን እንዲህ ብሎን አልነበረም?» ይላሉ፤ በአንዷ ምክንያት መቶውን ያምኑለታል።

ይህ ሐዲስ በቤታችን ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ እንየው። እንበል አንድ ቤተሰብ የሚወድቅ፣ አረፋ የሚደፍቅ፣ ከወደቀበት ሲነሳም ምን እንደሆነ የማያስታውስ የአሥር ዓመት ልጅ አለው። ወላጆቹ ወደ «አዋቂ» ይወስዱታል። አዋቂው በመጀመሪያ የልጁን ስም ከእናቱ ስም ጋር ይጠይቃል። ከዚያ፣ «ይህ ልጅ ውሃ አጠገብ ወይም ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ደንግጧል» ይላል። በአሥር ዓመት ውስጥ ውሃ ወይም ቆሻሻ አጠገብ ያልደነገጠ ልጅ የት አለ? እናት ወዲያው አንድ ቀን ታስታውሳለች፤ ትገረማለች። ያቺ አንዲቷ ቃል ናት። ከዚያ በኋላ መቶው ይከተላል፦ «ቅናት አለባችሁ፤ ከጎረቤታችሁ አንዲት ሴት ናት፤ ጥቁር ፍየል ይፈልጋል፤ ይህን ክታብ አንገቱ ላይ እሰሩ፤ የሐኪም ክኒን ጂኑን ስለሚያስቆጣው አቁሙ።» ወላጆቹ በአንዲቷ ስለተገረሙ ሁሉንም ይፈጽማሉ። ፍየሉ ይታረዳል፣ ብድር ይገባል፣ ጎረቤቷ ሰላምታ ታጣለች፤ ምን እንዳጠፋች እንኳ አታውቅም። ልጁ ክኒኑን በድንገት ሲያቋርጥ መውደቁ ይብስበታል። አዋቂውም «አላልኳችሁም? ጂኑ ተቆጥቷል» ይላል። ውሸቱ ያመጣው ጉዳት ለውሸቱ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

ጂን የተሰወረውን እንደማያውቅ ከሱለይማን (ዐ.ሰ.) ታሪክ የበለጠ የሚያሳይ የለም። አላህ ጂኖችን አገልጋይ አድርጎለት ነበር፤ ከባድ ሥራ ይሠሩለት ነበር። ሱለይማን በትሩን ተደግፎ እንደቆመ ሞተ። ጂኖቹ ፊቱ እየሠሩ መሞቱን አላወቁም። ምስጥ በትሩን በልታ ገላው እስኪወድቅ ድረስ በድካም ቀጠሉ። ሱረቱ ሰበእ እንደሚነግረን፣ ያን ጊዜ ግልጽ ሆነ፦ የሩቁን ቢያውቁ ኖሮ በዚያ አዋራጅ ሥራ ባልቆዩ ነበር። ከፊቱ ቆሞ የነበረውን ሰው ሞት ምስጥ ያሳወቀችው ጂን፣ የልጅህን የነገ ዕጣ ሊነግርህ አይችልም።

በዚህ ወር ደግሞ ሌላ ኪሳራ አለ። በሙስሊም ዘገባ፣ ጠንቋይ ዘንድ ሄዶ ስለ አንድ ነገር የጠየቀ ሰው የአርባ ሌሊት ሶላቱ ተቀባይነት አያገኝም። ሊቃውንቱ ሶላቱን ይተው ማለት አይደለም፤ ግዴታው አለበት፣ ምንዳው ነው የሚቀርበት ብለው አብራርተዋል። እንግዲህ ቁጠሩት። በረመዷን የመጀመሪያ ሌሊት የሄደ ሰው ተራዊሑን፣ የመጨረሻዎቹን አሥር ሌሊቶች፣ ለይለተል ቀድርን ጭምር ሰግዶ የሶላቱን ምንዳ አያገኝም፤ ዒድ ካለፈም በኋላ አሥር ሌሊት ይቀረዋል። ተውበት ግን በሩ ክፍት ነው፤ የሄደ ካለ ተጸጽቶ ይመለስ።

«ታዲያ ልጃችን ሲታመም ምን እናድርግ?» ለሚሉ፣ ከነቢያችን ዘመን የተዘገበ ታሪክ አለ። አንዲት ጥቁር ሴት ወደ እሳቸው መጥታ፣ እወድቃለሁ፣ ስወድቅም ገላዬ ይገለጣል፣ ዱዓ አድርጉልኝ አለች። እሳቸውም ብትታገሺ ጀነት አለሽ፣ ከፈለግሽም እንዲያሽርሽ ዱዓ አደርግልሻለሁ አሏት። ትዕግሥቱን መረጠች፤ ስትወድቅ ገላዋ እንዳይገለጥ ብቻ ዱዓ ጠየቀች፤ ተደረገላት። እዚህ ታሪክ ውስጥ የሌለውን ተመልከቱ። ማን እንዳደረገባት አልተጠየቀም። ጎረቤት አልተከሰሰም። ፍየል አልተጠየቀችም። የተጠበቀው ክብሯ ነው።

መታከምንም ነቢያችን አዝዘዋል። ኢብኑል ቀዪም ዛዱል መዓድ በተባለው መጽሐፋቸው መውደቅን ለሁለት ከፍለውታል፤ አንደኛው ከክፉ መናፍስት የሚመጣ፣ ሁለተኛው ከሰውነት ሁኔታ የሚመጣና ሐኪሞች መንስኤውንና መድኃኒቱን የሚመረምሩት። ሁለቱን ያወቁ ሊቅ ሐኪሙን አላሰናበቱም። ስለዚህ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ክኒኑን በሰዓቱ ይውሰድ፤ ሐኪሙ ሳያዝ አይቋረጥ። ሲወድቅ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪት ለኩሳችሁ አታሽትቱት። መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል አድርሱት።

ቁርኣኑም ከክኒኑ ጋር አይጣላም። ፋቲሓን፣ አያተል ኩርሲይን፣ ሱረቱል ፈለቅንና ሱረቱን ናስን አባትና እናት ራሳቸው በልጃቸው ላይ ይቅሩ። አያተል ኩርሲይን በተመለከተ ያለው ታሪክ የረመዷን ታሪክ ነው። አቡ ሁረይራ የረመዷንን ዘካ እህል ሲጠብቁ አንድ ሌባ ሦስት ሌሊት መጣባቸው። በሦስተኛው፣ ልቀቀኝና የሚጠቅምህን ልንገርህ አለ፤ ስትተኛ አያተል ኩርሲይን ቅራ፣ እስኪነጋ ሸይጣን አይቀርብህም አላቸው። ነቢያችንም ያ ውሸታም በዚህ ብቻ እውነቱን ነግሮሃል፤ ሸይጣን ነበር አሏቸው። ምክሩን እኛ የተቀበልነው ሸይጣኑ ስለተናገረው አይደለም፤ ነቢያችን ስላጸደቁት ነው። ውሸታም አንዴ እውነት ቢናገር ውሸታምነቱ አይለቀውም።

ቁርኣን የሚቀራላችሁን ሰው ስትፈልጉም መለያው ቀላል ነው። የሚለው ነገር የሚሰማና የሚታወቅ ቁርኣንና ዱዓ ይሁን። የእናት ስም ከጠየቀ፣ ቁጥርና የማይነበብ ፊደል የሞላበት ወረቀት ከሰጠ፣ የእንስሳ ቀለም ከመረጠ፣ ሴትን ብቻዋን ካስገባ፣ መድኃኒት አቁሙ ካለ ወይም የጎረቤት ስም ከጠራ፣ ተነሱና ውጡ።

ከሐረር ሆኖ ስለ ጂን የሚጽፍ ሰው ጅብን ሳያነሳ አያልፍም። በጁገል ግንብ ሥር ጅቦች በሌሊት የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ሐረሪዎች ወራባ ኑዱል ይሏቸዋል። አባቶቻችን ጅብ ከተማው ውስጥ ገብቶ ጂኖቹን ይበላልናል ይሉ ነበር፤ የሚሉም አሁን አሉ። በዓሹራ ጊዜ ለጅቦች ገንፎ ይሰጣል፤ ከበሉት ዓመቱ መልካም ነው ይባላል። ጅብ ጂን እንደሚበላ የሚናገር አያም ሆነ የተረጋገጠ ሐዲስ የለም፤ ይህ የከተማዋ ልማድ ነው። ለእንስሳ ማዘን ምንዳ አለው። ሰውና ጅብ በአንድ ጎዳና ተከባብረው ማደራቸውም ለከተማችን መልካም ነው። የዓመቱን ዕድል ከገንፎው ማንበብ ግን የሩቁን ከማያውቅ መጠየቅ ነው፤ ሲሳይ በአላህ እጅ ነው።

በሌላው አገራችን ደግሞ አድባርና ቆሌ አለ። ቡና ሲፈላ ከጀበናው ለቆሌው ትንሽ ጠብ የሚያደርግ፣ ፈንዲሻ የሚበትን ሰው አለ። ሱረቱል ጂን ስለዚህም ተናግሯል። የጥንት ዐረቦች ሸለቆ ውስጥ ሲያድሩ በሸለቆው ጌታ፣ በጂኑ፣ ይጠበቁ ነበር። ቁርኣን ውጤቱን ሲናገር ጂኖቹ ፍርሃቱንና መከራውን ጨመሩባቸው ይላል። ጠብታዋ ዛሬ ከቀረች ነገ ምን ይመጣብኝ ይሆን የሚል ጭንቀት ይተካል። የተፈራው ነገር በተሰጠው ቁጥር ይበልጥ ይፈራል።

ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ጅብሪልን ገብርኤል ብለው ያከብሩታል፤ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ የሚጎርፈውን ሕዝብ በሐረርጌ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ስለ አማላጅነት እነሱና እኛ የምንለያይበት ይታወቃል፤ በዚህ ገጽ ክርክር አንከፍትም። ነገር ግን ሙሉ ቃሉ በግዕዝ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ፣ ከሰማይ የወረዱ ትጉሃን ለሰው ልጆች አስማትና ኮከብ ቆጠራ እንዳስተማሩና ምድር በዚህ እንደተበላሸች ይተርካል። ስለ መላእክት ማመፅ የእኛ እምነት ከዚህ ይለያል። ሆኖም ከሰማይ ተሰረቀ የተባለ እውቀት ለሰው ጥፋት እንጂ ፈውስ እንዳላመጣ ሁለታችንም እንናገራለን። የእነሱ መምህራን ከጠንቋይ ራቁ ሲሉ፣ እኛም ራቁ ስንል፣ አንድ በር ላይ ቆመን ነው።

በመጨረሻ ወደ ሱረቱል በቀራ እንመለስ። የጾም አያዎች ከ183 እስከ 187 ድረስ ተከታትለው ይመጣሉ፤ ስለ ሕመምተኛ፣ ስለ መንገደኛ፣ ስለ ሱሑር ሰዓት ይናገራሉ። በመካከላቸው 186ኛዋ ቆማለች፤ ስለ ጾም ሕግ ሳይሆን ስለ ዱዓ ናት። ሙፈሲሮች በእሷ ላይ አንድ ነገር አስተውለዋል። በቁርኣን ብዙ ቦታ ሰዎች ነቢዩን ሲጠይቁ መልሱ «በላቸው» እያለ ይመጣል። ባሮቼ ስለ እኔ ሲጠይቁህ በሚለው በዚህ ቦታ ግን «በላቸው» የሚለው ቃል የለም። አላህ ቅርብ መሆኑን፣ የለማኝን ልመና እንደሚቀበል ራሱ በቀጥታ ይመልሳል። መልእክቱን ያወረደው ጅብሪል ነው፣ ያደረሱን ነቢያችን ናቸው። ለልመናችን ግን አድራሽ አላስፈለገም።

ዛሬ ማታ ከኢፍጣር በፊት፣ ቴምሩ በእጃችሁ ላይ ሳለ፣ የታመመውን ልጃችሁን ስም እናንተው ጥሩት። የጾመኛ ዱዓ አይመለስም ተብለናል። ለዚህ ደግሞ ፍየል አይጠየቅም፤ የእናቱንም ስም ማንም አይጠይቃችሁ፤ ጌታው ያውቃታልና።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።